ውሃ የገባበት ቤት ፎቶዎች፦ ለመድን ካሳ የሚያስረዳው የትኛው ነው?

ለመድን ካሳ ጥያቄ የሚቀርብን ፎቶ የሚመረምረው ጉዳቱ ሲደርስ በቦታው ያልነበረ ሰው ነው። የጉዳት ገማቹ ቤቱን አያውቀውም። ቡፌው የትኛው ግድግዳ ሥር ይቆም እንደነበር፣ ምንጣፉ ከትናንት በስቲያ ምን ይመስል እንደነበር አላየም። ስለዚህ ከፎቶው የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ የት ነበር፣ የጎዳው ምንድን ነው፣ የተጎዳውስ ምን ያህል ነው። ለአንድ ጉዳት ሁለትና ሦስት የፎቶ ስብስብ ሲኖር የሚበልጠው የሚለየው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የፎቶው ማማርም ሆነ የፎቶዎቹ መብዛት ብቻውን ለውጥ አያመጣም።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው በውሃ ጉዳት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ ከእሳት በተለየ ምልክቱን ቶሎ ያጠፋል። ለምሳሌ የሚከተለው ይታሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ አንድ ኮንዶሚኒየም አለ። ቀኑን ጠፍቶ የዋለው ውሃ ሌሊት በኃይል ይመጣና ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ያለው ፍሌክሲብል ቱቦ ይፈነዳል። ቤተሰቡ ነቅቶ ዋናውን ቧንቧ እስኪዘጋ ድረስ ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይተኛል። ከቺፑድ የተሠራው ቡፌ፣ ምንጣፉ፣ የሶፋው ግርጌ፣ ወለል ላይ የነበረው ስታቢላይዘርና መጽሐፍ የታጨቀባቸው ካርቶኖች ይርሳሉ። ቤቱ መድን አለው፤ ውሉም የቧንቧ መፈንዳትን ይሸፍናል።

ከዚህ ቤት ሦስት የፎቶ ስብስብ ይወጣል። የመጀመሪያውን ያነሳው ልጅየው ነው፤ ገና ሌሊት፣ ውሃው ወለሉ ላይ ሳለ፣ በፍላሽ፣ ከሃምሳ በላይ ፎቶ። ሁለተኛውን ያነሳው አባትየው ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተወልውሎ፣ የተበላሹት ዕቃዎች በረንዳ ላይ በረድፍ ከተደረደሩ በኋላ፣ በጥሩ የቀን ብርሃን ያነሳቸው ናቸው። ሦስተኛውን ያነሳችው ልጅቷ ነች። ጠዋት ውሃው እየተጠረገ ሳለ፣ ዕቃው ካለበት ሳይነቃነቅ፣ ከሃያ የማይበልጡ ፎቶዎች ወስዳለች።

የልጁ ስብስብ በብዛቱ ያስደንቃል፤ ሲመረመር ግን አብዛኛው ባዶ ነው። እርጥብ ጨርቅ፣ የሚያብለጨልጭ ወለል፣ የእንጨት ጠርዝ፣ እንደገና እርጥብ ጨርቅ። ጨርቁ የሶፋው ይሁን የመጋረጃው አይለይም፤ ጠርዙም የቡፌው ይሁን የበሩ አይታወቅም። ሁሉም ከቅርብ ስለተነሱ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ነገር የለም። ያነሳው ሰው ክፍሉን ስለሚያውቀው ክፍተቱ አይታየውም፤ ፎቶውን ባየ ቁጥር የጎደለውን ከልቡ ይሞላዋል። ገማቹ የሚሞላበት የለውም። ከዚህም በላይ በእርጥብ ወለልና በተወለወለ እንጨት ላይ ፍላሽ ሲበራ ነጭ ነጸብራቅ ይሠራል፤ ጉዳቱ ያለበት ቦታም ብዙ ጊዜ እዚያው ነጭ ክብ ውስጥ ይሰወራል።

የአባትየው ስብስብ የዚህ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው፣ ሙሉ በሙሉ፣ በንጹሕ ብርሃን ይታያል። የተበላሸ ቡፌ መኖሩን፣ የተበላሸ ምንጣፍ መኖሩን የሚጠራጠር የለም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ዕቃው ከቦታው ሲነሳ የጎዳው ነገር አብሮት አይወጣም። በረንዳ ላይ የቆመ ቡፌ ትናንት ሌሊት በፈነዳ ቱቦ ይሁን ባለፈው ክረምት ከጣሪያ በፈሰሰ ዝናብ የተበላሸ እንደሆነ በፎቶው መለየት አይቻልም። ይህ ለባለቤቱ ነገር ፍለጋ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ገማቹ ውሉ የሚሸፍነውን ጉዳት ከማይሸፍነው መለየት ሥራው ነው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ድንገት የፈነዳን ቧንቧ የሚሸፍን የመድን ውል፣ በዝግታ ሲንጠባጠብ የኖረን ውሃ ያመጣውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ያ የጥገና ጉድለት ተብሎ ይታያል። ሁለቱ በዕቃ ላይ የሚተዉት ምልክት ደግሞ የተለያየ ነው። በአንድ ሌሊት የመጣ ውሃ አንድ መስመር ያሰምራል። ውሃ ራሱን አስተካክሎ ስለሚተኛ መስመሩ በግድግዳው፣ በቡፌው እግር፣ በሶፋው ጨርቅና በካርቶኖቹ ጎን ላይ በአንድ ከፍታ ይገኛል፤ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ብቻ ትንሽ ይለያያል። በዝግታ የኖረ ውሃ ግን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ ቡናማ ቀለበት፣ የተቀረፈ ቀለም፣ የዛገ ሚስማር፣ ጥቁር ሻጋታ ይተዋል። ሻጋታ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አይወጣም፤ ቢያንስ አንድና ሁለት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አደጋው በደረሰ በማግስቱ በተነሳ ፎቶ ላይ የሰፋ ሻጋታ ከታየ ገማቹ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። በተቃራኒው ግድግዳውንና ሦስት አራት ዕቃዎችን አንድ ላይ ይዞ፣ በሁሉም ላይ አንድ ከፍታ ያለውን መስመር የሚያሳይ ፎቶ ካለ፣ ስለ ምክንያቱ ብዙ ክርክር አይኖርም። ይህ ፎቶ በረንዳ ላይ ሊነሳ አይችልም።

የልጅቷ ስብስብ የሚበልጠው እንዲህ ያለውን ፎቶ ስለያዘ ነው። የጀመረችው ከምክንያቱ ነው፦ የሲንኩ በር ተከፍቶ ሙሉው ሥፍራ፣ ቀጥሎ ቱቦው ከነመገጣጠሚያው፣ ከዚያ የተቀደደው ቦታ ከቅርብ። ቀጥሎ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳሎኑን፤ ይህ ፎቶ ውሃው ከየት ወደየት እንደሄደ ያሳያል። ከዚያም ሳሎኑን ከማዶ ማዕዘን ሆና እንደገና አንስታዋለች። ከዚህ በኋላ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ ትሄዳለች፤ በየዕቃው ሦስት እርምጃ፦ ዕቃው ከአካባቢው ጋር፣ ዕቃው ብቻውን፣ ጉዳቱ ከቅርብ። የወንጀል ምርመራ ፎቶ አንሺዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ የሩቁ ፎቶ የመካከለኛውን ቦታ ያሳያል፣ የመካከለኛው የቅርቡን። ከሩቅ የሚታየው የቡፌው ግራ እግር በመካከለኛው ፎቶ ላይ ስለሚታወቅ፣ በቅርቡ ፎቶ ላይ ያበጠው እንጨት የእሱ መሆኑን ማንም አይጠይቅም።

ቡፌው በተለይ ሊታይ ይገባል። ቺፑድ ውሃ ሲጠጣ ከግርጌው ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ነገር ግን ከፊት ለፊት በፍላሽ ሲነሳ ደህና ይመስላል፤ ብርሃኑ ከካሜራው አቅጣጫ ስለሚመጣ እብጠቱ ጥላ አይጥልም። ፍላሹ ጠፍቶ ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን፣ ወይም ሌላ ሰው የስልክ ባትሪ ከእንጨቱ ጎን አስጠግቶ ሲያበራለት ግን እብጠቱ ጎልቶ ይወጣል። ልጅቷ ከዚህ በተጨማሪ ያደረገችው ነገር አለ፤ ማስመሪያ ይዛ የሰሌዳውን ውፍረት ሁለት ቦታ ለካች። ውሃ ያልነካው የላይኛው ክፍል 18 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 23። ሁለቱም ፎቶዎች ካሜራው ከማስመሪያው ትይዩ ሆኖ የተነሱ ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ወይም ከጎን አጋድሎ የተነሳ ማስመሪያ ቁጥሩን ስለሚያዛባ ለልክ አይሆንም። ከሁለቱ ጎን ማስመሪያ የሌለበት ያው ፎቶ አለ፤ ይህም ማስመሪያው የሸፈነው ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው። በዚህ መንገድ የቀረቡት ሦስት ፎቶዎች ከልጁ አሥራ ሁለት የቡፌ ፎቶዎች የበለጠ ይናገራሉ፦ «አብጧል» የሚለው ቃል አምስት ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ስልኩ ራሱ የሚያመጣው ችግርም አለ። ክፍሉን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሲባል በስልኩ ሰፊ ሌንስ፣ ማለትም 0.5x በሚለው ማንሳት የተለመደ ነው። ይህ ሌንስ በፎቶው ዳር ያሉትን ነገሮች ይለጥጣል፣ ቀጥ ያለውንም ያጎብጣል። መጉበጥ ራሱ ጉዳት በሆነበት ዕቃ ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ደህናው ቁም ሳጥን የተጣመመ መስሎ ከወጣ፣ በእውነት የተጣመመውም አይታመንም። ክፍሉ በአንድ ፎቶ ካልገባ በ1x ሆኖ ከሁለት ማዕዘን ማንሳቱ ይሻላል። ፎቶውን የሚያሳምር ማጣሪያ፣ ቀለም ማድመቂያ፣ በፎቶው ላይ ቀይ ክብ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ ክብ ማድረግ ካስፈለገ በቅጂው ላይ ይሁን፣ ዋናው እንዳለ ይቀመጥ።

ስታቢላይዘሩ ላይ ሲደረስ የሦስቱም ስብስቦች አቅም ያልቃል። በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ የገባ ውሃ ከውጭ አይታይም፤ የጠፋ መብራት ፎቶ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ነው ወይስ ያልተሰካ ዕቃ የሚለውን አይመልስም። «አይሠራም» የሚለውን ለማሳየት ብሎ እርጥቡን ዕቃ መሰካት ለሕይወትም ለዕቃውም አደጋ ነው፤ በአጭር ዙር የሚመጣው ተጨማሪ ጉዳትም በራሱ ክርክር ያስነሳል። ፎቶ እዚህ ላይ ሊያደርግ የሚችለው ዕቃውን ማሳወቅ ነው፦ ከወለሉ ላይ ሳይነሳ የውሃው መስመር የት እንደደረሰበት፣ ከዚያም ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ፣ ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ አንድ በአንድ እስኪነበቡ ድረስ። መበላሸቱን የሚመሰክረው የባለሙያ ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር በፎቶው ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ሁለቱ ማስረጃዎች ይያያዛሉ። የልጁ የስታቢላይዘር ፎቶዎች ስምንት ሆነው አንዱም ቁጥሩን አያሳይም።

ሰዓቱና ቀኑ ደግሞ በኢትዮጵያ የተለየ ጣጣ አላቸው። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ጊዜ በውስጡ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ IMG_20251022_021405.jpg የሚል ፋይል በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምት ወር 2025፣ በ22ኛው ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ከ14 ላይ የተነሳ ነው። በእኛ ሲሆን ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14። ሁለት ቦታ ላይ ስህተት ይገባል። አንደኛው የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ነው፤ ይህን ገማቹም ስለሚያውቀው ብዙ አያስቸግርም። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ስልኩ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ሰው ግን ሌሊቱን ከዋለበት ቀን ጋር ቆጥሮ «ጥቅምት 11 ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ» ይላል። የካሳ ጥያቄው ቅጽ ላይ እንዲህ ከተጻፈ በኋላ ቀኑ በቀጥታ ሲመነዘር ፎቶው ከአደጋው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቶ የተነሳ ይመስላል። «ለጥቅምት 12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይዘጋዋል።

ይህ መረጃ ደግሞ በመላላክ ይጠፋል። ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ በውስጡ የነበረው ጊዜና ቦታም አብሮ አይሄድም፤ በትንንሹ የተጻፈ የመለያ ቁጥርም ሊደበዝዝ ይችላል። ያው ፎቶ በቴሌግራም File በሚለው በኩል እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ስብስቦች ሲነጻጸሩ አንዱ ከስልኩ በቀጥታ የተወሰደ፣ ሌላው በሦስት ሰው ቴሌግራም የዞረ ከሆነ፣ ይዘታቸው እኩል ቢሆን እንኳ በቀጥታ የተወሰደው ይመረጣል። ዋናው ፎቶ ያለበት ስልክም ካሳው እስኪያልቅ ድረስ ባይሸጥና ባይጠረግ ይሻላል።

እስካሁን የታዩት ሁሉ ከጉዳቱ በኋላ የተነሱ ናቸው። ነገር ግን ካሳው የሚሰላው ዕቃው ቀድሞ በነበረው ዋጋ ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የዕቃ መድን የካሳ ውል መሆኑን ይደነግጋል፣ ካሳውም ዕቃው ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ስለዚህ የዕቃው የቀድሞ ሁኔታ ገንዘብ ነው። ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ ለተገዛ ምንጣፍ ይህን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ማንም ለማስረጃ ብሎ ያላነሳው ፎቶ ነው፦ የልጅ ልደት፣ ክርስትና፣ የበዓል ቡና። ሰዎቹ ፊት ለፊት ሆነው ምንጣፉ ከሥራቸው፣ ቡፌው ከኋላቸው ይታያል። እንዲህ ያለ ፎቶ ለማስረጃ ተብሎ ስላልተዘጋጀ ከባለቤቱ ቃል የበለጠ ይታመናል። ከአዲሱ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ዕቃው አንድ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊኖር ይገባል፤ የምንጣፉ ጥለት፣ የቡፌው እጀታ፣ አንድ የቆየ ጭረት። የቆየው ጭረት ጉዳት ተብሎ መቆጠር የለበትም፤ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ የነበረ ነው ብሎ ቢያመለክት ለሌላው ጥያቄው ይጠቅመዋል።

እንግዲህ ማነጻጸሩ በተግባር ሲደረግ የሚሻለው መንገድ የዕቃዎቹን ዝርዝር ይዞ መጀመር ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ስም ትይዩ ከሦስቱም ስብስብ ያሉት ፎቶዎች ይቀመጡና አራቱ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። ስብስቡን በጅምላ ማየት ያታልላል፤ ሃምሳ ፎቶ ከሃያ የበለጠ ይመስላል፣ ጥርት ያለውም ከደብዛዛው የበለጠ። በዕቃ በዕቃ ሲታይ ግን ለካርቶኖቹ ልጁ አንድም ፎቶ እንደሌለው፣ አባትየው መጽሐፎቹን ከካርቶኑ አውጥቶ ስለደረደራቸው የውሃው መስመር እንደጠፋ ይገለጻል። ሌላው ጥሩ ፈተና ቤቱን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለሥራ ባልደረባ፣ ምንም ሳይነግሩ ፎቶዎቹን ማሳየትና የሆነውን እንዲተርክ መጠየቅ ነው። እሱ የሚሳሳትበት ቦታ ገማቹም የሚደናገርበት ነው።

በዚህ ቤት ውጤቱ አንዱን ስብስብ እንዳለ መምረጥ አይሆንም። መሠረቱ የልጅቷ ይሆናል። ከልጁ ግን ሌላ ማንም የሌለው ነገር አለ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቶ የሚታይባቸው ሁለት ፎቶዎች፣ ሰዓታቸውም ከአደጋው ጋር የሚገጥም። እነዚህ ከልጅቷ የሳሎን ፎቶ በፊት ይገባሉ። ከአባትየውም የምንጣፉ ይወሰዳል። እርጥብ ምንጣፍ የተነካው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል እንጂ ምን እንደሚቀርበት አያሳይም፤ ሲደርቅ የወጣው ቡናማ ጠርዝና የለቀቀው ቀለም የሚታየው በአባትየው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ከሰማንያ በላይ ከነበሩት ሃያ አምስት ያህሉ በዝርዝሩ ቁጥር ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። የቀሩት አይጠፉም፤ ሳይነኩ ይቀመጣሉ፣ ገማቹ ከጠየቀም ይሰጡታል። የተመረጠ ስብስብ ለማንበብ ይመቻል፤ ሌላው ተሰርዟል የሚባል ከሆነ ግን ምን ተደበቀ የሚል ጥርጣሬ ይከተላል።

ዕቃዎቹም እንደዚሁ ናቸው። የተሻለው ስብስብ እንኳ ገማቹ በአካል መጥቶ የሚያየውን አይተካም፤ እንዲያውም መድን ድርጅቱ ካሳ ከከፈለ በኋላ የተበላሸውን ዕቃ ሊረከብ ይችላል። የረጠበውን ማንሳት፣ ማድረቅ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ሽታው ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ያለ ምንጣፍ ካለ ለመድን ድርጅቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። ፈቃዱ ሲመጣም ከመጣሉ በፊት ሙሉው ከነጥለቱ፣ ከጀርባው፣ ከነጉዳቱ በሜትር ተለክቶ ይነሳል፤ ከምንጣፉም መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይቀመጣል። የተቀደደው ቱቦ ግን በምንም ምክንያት አይጣልም። ቧንቧ ሠራተኛው አዲሱን ሲገጥም አሮጌውን ይዞት እንዳይሄድ በላስቲክ ተቋጥሮ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል፤ የአደጋውን ምክንያት በተመለከተ ሁሉም ፎቶዎች የሚያመለክቱት ወደ እሱ ነውና።